78 የተባለው ሳንባ

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት ራጅ ከማንሳት ይልቅ የሚያነበውን ሰው ማግኘት ነበር የሚያስቸግረው። የድሬ ጠያራ ሰው ሐረር ድረስ ሄዶ ይነሳና ፊልሙን በብብቱ ይዞ ይመለሳል፤ ራዲዮሎጂስት ግን በየጤና ጣቢያው የለም። አሁን የደረት ራጅ የሚያነብ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጥቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2021 ለሳንባ ነቀርሳ ልየታ በሰው አንባቢ ምትክ መጠቀም እንደሚቻል መክሯል፤ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ብቻ።

ጫት የሚያመርት አንድ ጎረቤቴ በቅርቡ በዚህ መንገድ ተመርምሮ መጣና፣ «ሲስተር፣ ማሽኑ 78 አለኝ። ከመቶ 78 ታምሜያለሁ ማለት ነው?» አለኝ።

አይደለም። ማሽኑ ቀደም ሲል ከተማረባቸው ብዙ ራጆች ጋር ያነጻጽርና ጥላው ነቀርሳ ምን ያህል እንደሚመስል በነጥብ ይናገራል። ስንት ነጥብ ላይ «ይመርመር» እንደሚባል የሚወስነው ሰው ነው፤ በአንዱ ፕሮግራም 60 የሆነው በሌላው 60 ላይሆን ይችላል። ጎረቤቴ ከስምንት ዓመት በፊት የስድስት ወር መድኃኒት ጨርሶ የዳነ ሰው ነው። በሽታው ቢድንም ጠባሳው ሳንባው ላይ ይቀራል፣ ማሽኑ ደግሞ ታሪኩን አያውቅም። አክታው በጂንኤክስፐርት ሲታይ ነቀርሳ አልተገኘበትም። ሳሉ ግን ስላለ ሐኪሙ ሌላ ምክንያት እየፈለገ ነው፤ ትክክልም አደረገ።

እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንደሚበዛ በሒሳብ እንየው። 1,000 ሰው ተነሳ፣ ከነሱ 10ሩ ነቀርሳ አለባቸው እንበል። ማሽኑ ከታማሚዎቹ 90 በመቶውን ቢይዝ፣ ከጤነኞቹም 70 በመቶውን «ነጻ» ቢል፣ 9 ታማሚ ያገኛል፣ አንድ ያመልጠዋል። ከ990 ጤነኞች ግን 297ቱን ይጠረጥራል። ተጠርጥረው ከሚወጡት 306 ሰዎች በእውነት የታመሙት 9 ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከነጥቡ በኋላ አክታ ይመረመራል እንጂ መድኃኒት አይጀመርም። የአክታ ምርመራ በሌለበት ቦታ ማሽኑን ማስገባት ለኔ ሰው ማስደንገጥ ብቻ ነው።

አነሳሱም ለውጥ ያመጣል። ነቀርሳ የሳንባን የላይኛውን ክፍል ይወዳል፤ የሴቶች ሹሩባ ወደ ፊት ከወደቀ ጥላው እዚያው ላይ ያርፋል። ሹሩባው ወደ ላይ ይታሰር፣ የአንገት ጌጥና ክታብ ይውለቅ፣ ሰውየው አየር በደንብ ስቦ ይያዝ። (ክታቡን ማስወለቅ ከሁሉም ይከብዳል።)

ትንሽ ነጥብም አያዘናጋ። ኤች አይ ቪ ባለበት ሰው ነቀርሳ እያለ ራጁ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ የአንገት ዕጢ ነቀርሳም በደረት ራጅ ላይታይ ይችላል። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ያለበት ሰው ማሽኑ 10 ቢለውም አክታውን ይስጥ።