የስድስት ሰው ልዩነት

የሰበታን ቪዲዮዎች ያስቆምኩት እኔ ነኝ። በጊዜው «ቁጥሩ ነው የወሰነው» ብዬ ነበር፤ ያልኩት ውሸት ባይሆንም እውነትም አልነበረም።

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ያለውን ኑሮ የሚያሳይ አነስተኛ የዩቲዩብ ቻናል ነበረን። ሱሉልታ ከወተት አምራቾች ጋር የቀረጽነው ቪዲዮ ምስሉ 200 ጊዜ ለተመልካች ብቅ ብሎ 14 ሰው ከፈተው። የሰበታውን ከ200 ውስጥ የከፈቱት 8 ናቸው። 7 በመቶና 4 በመቶ ማለት ነው። በመቶኛ ሲያዩት ሱሉልታ የሰበታን እጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው፤ በሰው ሲቆጥሩት ግን ልዩነቱ ስድስት ሰው ነው። ለባልደረቦቼ ያሳየሁት መቶኛውን ብቻ ነበር። ሰበታ ቀረ፣ ገፈርሳ ግድብ አጠገብ ልንቀርጸው ያሰብነው የቡራዩ ሥራም ተሰረዘ፤ ሁሉ ነገር ወተት ሆነ።

ስሌቱን ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። ሁለት ቪዲዮዎች እኩል ጊዜ ብቅ ካሉና የሚከፍታቸው ሰው ጥቂት ከሆነ፣ የከፈቷቸውን ደምሮ የድምሩን ዳግም ዘር ማውጣት ነው። 14 እና 8 ሲደመሩ 22፣ ዳግም ዘሩ 4.7 ገደማ። ልዩነቱ የዚህን እጥፍ፣ ማለትም 9ን ካላለፈ፣ ዕድል ብቻውን ሊያመጣው ይችላል። የእኔ 6 ነበር። ስሌቱን አልሠራሁትም፤ በትክክል ልናገር ካልኩ ግን ልሠራው አልፈለግኩም። ቤቴ በሱሉልታ በኩል ነው። ሰበታ ለመድረስ ከተማውን ማቋረጥ ነበረብኝ፣ ያም ሰልችቶኝ ነበር።

ጥፋቴ የታየኝ ሁለት የቆዩ የሰበታ ቪዲዮዎችን ጎን ለጎን ባስቀመጥኩ ጊዜ ነው። ቦታው አንድ፣ ጠያቂዋ አንድ፣ አቀራረቡም አንድ ነው። በመጀመሪያው 200 ላይ አንዱን 5፣ ሌላውን 12 ሰው ከፍቶታል። በአንድ ዓይነት ሥራ መካከል የሰባት ሰው ልዩነት ካለ፣ በስድስት ሰው ከተማ መምረጤ ምን ነበር? ያውም የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች በአብዛኛው እኛን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ኋላ ለሚመጣው ተመልካች ምስክር ሊሆኑ አይችሉም። ቆይቶ መጀመሪያ ያወዳደርኳቸው ሁለቱ ቪዲዮዎች እያንዳንዳቸው 5,000 ጊዜ ብቅ ሲሉ፣ የሱሉልታው 262፣ የሰበታው 250 ሰው ከፍቷቸው ነበር። ያኔ የሰበታ ሥራ ከቆመ ቆይቶ ነበር።

የሰበታዋ ጠያቂ በዚያ ሥራ ትተዳደር ነበር። ሄጄ ቁጥሮቹን አሳየኋት። ዝም ብላ አየቻቸውና፣ «14ቱ የሰበታ፣ 8ቱ የሱሉልታ ቢሆኑ ኖሮ ሱሉልታን ታስቆም ነበር?» አለችኝ።

«አላስቆምም ነበር» አልኳት።