ከ«ነዶ» እስከ «ማለዳ»፦ ለዲዛይነሩ የጻፍኩት ደብዳቤ

አክስቴ ሞላሌ ላይ ዳቦ ቤት ልትከፍት ስትነሳ «አንቺ ልጅ፣ የተማርሽው ይሄንኑ አይደል? ለስሙና ለዓርማው መላ በዪኝ» አለችኝ። ጥሪቷ ሁሉ መጋገሪያው ላይ ስላለቀ ታፔላ ሁለቴ ለማሠራት አቅም የላትም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላለው ዲዛይነር በስልክ ከመንገር ይልቅ ደብዳቤ ጻፍኩለት። እናንተም ሱቅ ወይም ካፌ ለመክፈት ካሰባችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ ላካፍላችሁ።

የጀመርኩት ከስሙ ነው። «ሞላሌ ዳቦ» ቀላል ነበር፤ ግን የቦታ ስም የሁሉም ነውና ነገ ሌላው ሲጠቀምበት መከልከል ያስቸግራል። እኔ የወደድኩት «ነዶ»ን ነበር፤ አጭር ነው፣ ለገብስ አገርም ይስማማል። አክስቴ ግን ወረቀቱን አይታ ሳቀች፦ «ዳቦዋ ነዶ አለቀ ሊሉኝ ነው?» እውነቷን ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ላልቶ ሲነበብ የእህል እስር የሆነው ቃል፣ ጠብቆ ሲነበብ የተቃጠለ ነገር ይሆናል።

ቀጥሎ «እሸት» አልን። «ሸ»ን ከ«ሰ» የሚለየው አናቱ ላይ ያለው ሰረዝ ብቻ ነው። ትንሽ ማህተም ላይ ቀለም ሲወፍር ሰረዙ ይዋጣል፤ «እሰት» ይሆንና ዓይን «እሳት» ብሎ ያነበዋል። ከመቃጠል ሸሽተን ተመልሰን እሳት ውስጥ! በመጨረሻ «ማለዳ» ላይ ተስማማን። ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ አይምታታም፣ ትኩስ ዳቦ የሚገዛበትንም ሰዓት ያስታውሳል።

ስለ ዓርማው የጻፍኩለት ይህን ነበር፦ «ታፔላውን ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የሚጽፈው የከተማው ሠዓሊ ነው፤ ስለዚህ ቀለሙ አንድ ይሁን፣ እየደበዘዘ የሚሄድ ጥላ አይኑርበት። ያው ዓርማ በወረቀት ከረጢት ላይ በ3 ሴንቲ ሜትር ማህተም ይመታል። ጠዋት ጭጋግ ስለሚበዛ ጥቁር ፊደል በነጭ መደብ ላይ ይሁን።»

የመጀመሪያው ንድፍ ከቀጫጭን ፀጉሩ ጋር የተሳለ የስንዴ ዛላ ነበረው። በ3 ሴንቲ ሜትር አትሜ ፎቶ ኮፒውን ደግሜ ኮፒ ሳደርገው ፀጉሮቹ ተጣብቀው አባጨጓሬ መሰሉ። ሁለተኛው ወፍራም ፊደልና በመስቀለኛ የተቆረጠ ክብ ድፎ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ ለጥፌ ሃያ እርምጃ ርቄ አየሁት፤ ተነበበ።

ለሠዓሊው ከመክፈላችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አትርሱ። በንግድ ቢሮ የሚመዘገበው የንግድ ስምና በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚመዘገበው የንግድ ምልክት የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን መያዝ ሌላውን አያስገኝም። የንግድ ምልክት ምዝገባ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ስማችሁ ቀድሞ ተይዞ ሊሆን ስለሚችል በሁለቱም ዘንድ አጣሩ፣ ሁለተኛ ስምም በኪሳችሁ ያዙ። እኛም ብሩሹ ቀለም ከመንካቱ በፊት ያደረግነው ይህንኑ ነው።