ድምፅን አሰምቶ ስለ ማንበብ፤ በቢቸናና በሞጣ ያየነው

ባለፈው ክረምት ቢቸና በእኅታችን ቤት ተቀምጠን ሳለን በአንዲት ሕፃን ላይ ያደረስነውን ጥፋትና በኋላም ያገኘነውን መላ፥ ልጅ ላላቸው ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን እነሆ እንጽፋለን።

በዚያ ቤት ዓይናቸው የደከመ አረጋዊት እናታችን አሉ። ማታ ማታ ቡናው ከተጠጣ በኋላ 3ኛ ክፍልን የጨረሰችውን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው «ነይ እስቲ እናቴ፥ አንብቢልኝ» ማለት ልማዳቸው ነበር። ልጅቱ ፊደሉን ሁሉ ታውቃለች፤ አንዲት ቃል ለብቻዋ ብትጠየቅም ሳትሳሳት ታነባለች። ነገር ግን ሙሉ ዓረፍተ ነገር በተሰጣት ጊዜ፥ በጣትዋ እየጠቈመች፥ በየቃሉም መጨረሻ እያረፈች፥ እንደሚለቀም ምስር አንድ በአንድ ታስቀምጠዋለች። አያቲቱ የመጀመሪያው ቃል ከልባቸው ሳይጠፋ የመጨረሻው አይደርስላቸውም። ስለዚህ ጥቂት ቀን ከታገሡ በኋላ «ተዪው ልጄ፥ ደክሞሻል» አሉ፤ ከዚያም ወዲያ መጥራታቸውን ተዉ። ልጅቱም ነገሩ ገብቷት ኖሮ መጽሐፍዋን ከአልጋ ሥር ደብቃ አገኘነው።

እኛም ይህን አይተን አዘንንና መድኃኒት ያልነውን አመጣን፤ መድኃኒታችንም ሰዓት ነበረ። ከትምህርት መጽሐፍዋ 48 ቃል ያለበትን አንድ ታሪክ መርጠን፥ የእጅ ሰዓታችንን ከፊትዋ አኑረን «ፍጠኚ» አልናት። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ደቂቃ ፈጀባት፤ በሳምንቱ አንድ ደቂቃ ብቻ በቃት። እጅግ ደስ አለን። ኋላ ግን «ታሪኩ ስለ ምንድር ነው?» ብለን ብንጠይቃት «በግ አለበት» ከማለት በቀር አንዳች ልትመልስ አልቻለችም።

ስለ ሰዓቱ በቅን እንፍረድ። በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በልዩ ልዩ ክልል ያሉ የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ቃል በትክክል እንደሚያነቡ ሲመረመር፥ ከንባቡ በኋላ ስለ ታሪኩ ጥያቄ ይጠየቁ ነበር። የፈተናው ሰዓት የሚለካው ልጁ የደረሰበትን ነው። እኛ ግን መለኪያውን ማስተማሪያ አደረግነው፤ ጥያቄውንም ረሳነው።

በዚያው ወር ለለቅሶ ወደ ሞጣ ወጣን። ባረፍንበት የዘመዳችን ቤት 4ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ነበረና እንዲያነብልን ብንለምነው፥ እንደሚጋልብ ፈረስ ገሠገሠ። አራት ነጥቡን ሳይቆም ያልፈዋል፤ ትንፋሹ ሲያልቅበት ከሐረግ መካከል ይቆማል፤ የዓረፍተ ነገሩንም ጫፍ ይውጠዋል። የቢቸናዋ ልጅ በየቃሉ ታርፋለች፥ የሞጣው ልጅ በየትንፋሹ ያርፋል። በዚያ ቤት ብዙ ዘመን ንባብ ያስተማሩ አንድ የኔታ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበርና «የኔታ፥ እንዴት አዩት?» አልናቸው። እርሳቸውም «ይህ ልጅ የሚያርፈው ሲደክመው ነው እንጂ ነገሩ ሲያልቅ አይደለም» አሉን።

ቀጥለውም በንባብ ቤት ያለውን ሥርዓት አስረዱን። የንባብ ተማሪ ፊደል ከቈጠረ በኋላ በአንድ ጊዜ ወደ ቁም ንባብ አይዘልም። አስቀድሞ ግዕዝ ንባብ፥ ቀጥሎ ውርድ ንባብ አለ፤ በእነዚህም ድምፁን እየሳበና እያወረደ ቃልን ከቃል ማያያዝ ይለምዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀጥ ብሎ የሚያነበው። ተነሽ፥ ወዳቂ፥ ተጣይ፥ ሰያፍ የሚባለውንም የቃል አነባበብ ሲያፋልስ መምህሩ እዚያው ይመልሰዋል። በእኛ ዘመን ትምህርት ቤት ግን ልጁ ቃል ማንበብ በቻለበት ቀን ንባብ ዐወቀ ይባላል፤ መካከለኛውን ደረጃ የሚያሳየው ሰው እምብዛም የለውም።

የኔታ የነገሩን ስለ ግዕዝ ነው፤ ለአማርኛችንም የሚመስል ነገር እንዳለ የገባን ወደ ቢቸና ተመልሰን ያንኑ የበግ ታሪክ በጸጥታ ስናዳምጥ ነው። ታሪኩ እንዲህ ይላል፤ «ልጁ በጉን ወደ ገበያ ወሰደ። አባቱ ገና ሳይደርስ በጉን ሸጠው። አባቱም በመጣ ጊዜ ተቈጣ።» ልጅቱ «አባቱ» ብላ አረፈች፤ ቀጥላም «ገና» የሚለውን ቃል «ና»ን አጥብቃ፥ እንደ ልደት በዓል አድርጋ አነበበችው። እንዲህ ሲነበብ በጉን የሸጠው አባትየው ነው፤ የሸጠውም ከገና በዓል በፊት ነው። «ና» ሲላላና «አባቱ ገና ሳይደርስ» በአንድ ትንፋሽ ሲባል ግን በጉን የሸጠው ልጁ ነው፤ አባትየው ገና መንገድ ላይ ነበረ። ፊደሉ አንድ ነው። ጽሕፈታችን ማጥበቅንና ማላላትን አያሳይምና፥ እውነተኛውን አነባበብ የሚነግረን በዙሪያው ያለው ነገር ብቻ ነው። ሕፃንዋም ቀና ብላ «አባትየው ራሱ ሸጦት ለምን ይቈጣል?» ብላ ጠየቀችን። ታሪኩን ስታነብ በሰነበተችበት ጊዜ ሁሉ ከአፍዋ የወጣ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነበረ።

ከዚህ በኋላ ሰዓቱን አንሥተን እርሳስ ያዝን። ሁለት ነጥብ ቃልን ከቃል፥ አራት ነጥብም ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር ይለያል፤ በመካከል ያለውን ሐረግ ግን ነጠላ ሰረዝ የሚያሳየው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ሐረግ በሚያልቅበት ሁሉ ቀጭን ያዘነበለ መሥመር አሰመርን፤ እንዲህም ሆነ፤ «ልጁ በጉን / ወደ ገበያ ወሰደ። // አባቱ ገና ሳይደርስ / በጉን ሸጠው። //» አንዱ መሥመር ድምፅን ጥቂት ማሳረፊያ ነው፤ ሁለቱ መሥመር ትንፋሽ መውሰጃ ነው።

የት እንደሚሰመር ለማወቅ ሐረጉን ለብቻው አንሥተን ማን? መቼ? የት? ምን አደረገ? ለሚል ጥያቄ መልስ ይሆን እንደ ሆነ እንመረምራለን። «ገና ሳይደርስ» መቼ ለሚለው ይመልሳል፤ «ገና» ብቻውን ግን አይመልስም። በዚህም እኛው ራሳችን ተሳስተናል፤ «ትናንት ከሞጣ የመጣው ነጋዴ ማር ሸጠላት» በሚል ዓረፍተ ነገር ከ«ትናንት» በኋላ ብናሰምር ሽያጩ ትናንት ሆነ፤ ከ«ነጋዴ» በኋላ ብናሰምር ደግሞ መምጣቱ ትናንት ሆነ። የቱ እንደ ሆነ በፊት ያለውን ዓረፍተ ነገር ተመልሰን ማንበብ ግድ ሆነብን። መሥመር የሚያሰምር ሰው አስቀድሞ ለራሱ ሊያነብ ይገባዋል።

ሥራው በቀን ከሩብ ሰዓት አይበልጥም ነበር። በመጀመሪያ እኛ ብቻችንን እናነባለን፤ እርስዋ በዓይንዋ ትከተላለች። ቀጥሎ አንድ ሐረግ እንላለን፥ እርስዋም ትደግመዋለች። ሦስተኛው ጊዜ አብረን እናነባለን፤ በዚህ ጊዜ ድምፃችንን እያሳነስን እርስዋ እንድትመራ እንተዋታለን። በመጨረሻ ብቻዋን ታነባለች። ጣትዋንም ከቃል በታች መጠቈም አስተውናት በሐረጉ ሥር ሁሉ እንድታንሸራትት አደረግን።

ድምፅን እንደ ነገሩ ስለ መለወጥ የተማርነው ከታሪኩ መጨረሻ ነው። «በጉስ የታለ? አለው አባቱ።» በአማርኛችን ብዙ ጊዜ የተናጋሪው ስም የሚመጣው ንግግሩ ካለቀ በኋላ ነው። እንግዲህ ልጁ ዓይኑን ከአፉ ጥቂት ቃል ካላስቀደመ በአባት ድምፅ የሚባለውን በልጅ ድምፅ ይለዋል። ስለዚህ ንግግር ሲያጋጥም አንድ ጊዜ ዝም ብላ ዓይንዋን እስከ «አለው» እንድታደርስ፥ ከዚያ በኋላ አፍዋን እንድትከፍት አደረግናት። ጥያቄውንም እንዲሁ። «አባቱ መጣ?» እና «አባቱ መጣ።» በቃል አንድ ናቸው፤ ጥያቄ ሲሆን ድምፁ በመጨረሻ ይነሣል፥ ወሬ ሲሆን ይወርዳል። አባትየውን እኛ፥ ልጁን እርስዋ ሆነን ስንነጋገር ከዚያ ወዲያ የማነብበው አለቀ ወይ ብላ ማለቷ ቀረ።

በአራተኛው ቀን ከእርስዋ ተሸሽገን ሰዓት ብንይዝ 48ቱን ቃል በ55 ሴኮንድ ጨረሰችው፤ ማንም ፍጠኚ አላላትም። ያረፈችባቸው ስፍራዎችም፥ ቀድሞ ከ40 ያላነሱት፥ 15 ብቻ ሆኑ። ነገር ግን ደስታችን ሳይፈጸም ዓይንዋ ከመጽሐፉ ላይ እንደሌለ አየን፤ በቃልዋ ይዛው ኖሯል። አዲስ ታሪክ ያለ መሥመር ብንሰጣት ማረፊያዋ ወደ 25 ተመለሰ። ቢሆንም ወደ 40ው አልወረደችም፤ ያረፈችውም አብዛኛውን በሐረግ መጨረሻ ነበር። የእውነቱ ልክ ይህ ነው፤ ልጅ የለመደውን ገጽ አሳምሮ ቢያነብ አትመኑት፥ ያላየውን ስጡት።

ይህ መላ ለሁሉ አይሆንም። የጎረቤት አንድ የ2ኛ ክፍል ሕፃን «ላ»ንና «ሌ»ን እያምታታ መጥቶ ብናሰምርለት ምንም አልረባውም፤ በየመሥመሩ መካከል ቃሉን ይፈልግ ነበርና። እርሱን ወደ ፊደል ገበታው መለስነው። ለልጅትዋም ከ20 ቃል አንዱን ብቻ የምታደናቅፍበትን ታሪክ ነበር የምንመርጠው፤ ከዚያ በላይ ሲከብድ ሐረጉ ይበጠሳል፥ ምስር መልቀሟም ይመለሳል። ለሞጣው ልጅ ደግሞ ለዘመዳችን በስልክ የነገርነው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ በየአራት ነጥቡ መጽሐፉን ዝቅ አድርጎ ቀና ይበል።

ከቢቸና በምንነሣበት ዋዜማ ማታ ዝናብ እየዘነበ ልጅቱ ሳትጠራ መጽሐፍዋን ይዛ ከአያትዋ አጠገብ ተቀመጠች። የበጉን ታሪክ ሳይሆን ሌላውን፥ አንዲት ወፍጮ ቤት ወርዳ የመሸባትን ሴት ታሪክ ጀመረች። እናታችን ዐይናቸውን ከድነው ያዳምጡ ነበርና የተኙ መስሎን ነበር። ልጅቱ ገጹን ለመግለጥ ቆም ባለች ጊዜ ግን «እኮ፥ እህሉን ማን ተሸከመላት?» አሉ።