ነጥብና ክፍት ቦታ

ጥምቀት ሲቃረብ ሽሮ ሜዳ መራመጃ አይገኝበትም። ከአሜሪካ ኤምባሲ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰቀለው ቀሚስና ነጠላ አላፊውን ያቆመዋል። የጎረቤታችን የእትዬ ገበያ ግን ግማሹ በስልክ ነበር። ሸማኔው የጨረሰውን ጥለት ፎቶ አንስተው ውጭ ላሉ ደንበኞቻቸው በቴሌግራም ይልካሉ፤ ደንበኛዋ ቀለሙን ከወደደችው ቀሚሱ ይሰፋል፣ የሚያደርስ መንገደኛ ይፈለጋል። ዋሽንግተን ያለችው ልጃቸው የላከችላቸው አዲስ ስልክ ኢንተርኔት አልከፍት ሲል ታዲያ ነገሩ የእንጀራ ጉዳይ ሆነ።

አመሻሽ ላይ ስደርስ ሰፈሩ ሁሉ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። አንዱ «ካርድ አልቆብዎት ነው» ብሏቸው ሞልተዋል። ሌላው «ሲሙ በስምዎ አልተመዘገበም» ብሎ አስደንግጧቸዋል። «ልጄ፣ ነገ ሄጄ ልሰለፍ ነው» አሉኝ፣ ሱቁን ለማን ጥለው እንደሚሄዱ እያሰቡ።

«እትዬ፣ መጀመሪያ ለእኔ ይደውሉልኝ» አልኳቸው። ደወሉ፤ ጠራ፤ ድምፃቸውም ጥርት ብሎ ተሰማ። ባለመመዝገቡ የተዘጋ ሲም ዳታውን ብቻ ለይቶ አይነሳም፤ ጥሪውም አብሮ ይቋረጣል። ሰልፉ እንደማያስፈልጋቸው በዚህ ገባኝ።

ቀጥሎ *804# ደወልን። ብር አለ፤ የገዙት የኢንተርኔት ጥቅልም ገና አልተነካም። ሁለቱን ለየብቻ ማየት ይገባል፤ ካርድ ሞልቶ ጥቅል ያልገዛ፣ ወይም የዕለት ጥቅሉ ጊዜው ያለፈበት ሰው ብዙ ነውና። የእትዬ ጥቅል ሳይነካ መቀመጡ ግን ለእኔ ትልቁ ምልክት ነበር። ስልኩ በዳታ በኩል ከኔትወርኩ ጋር ጨርሶ አልተገናኘም ማለት ነው። የስክሪኑን ጫፍ አየሁ፤ የኔትወርኩ ዘንጎች ሙሉ ናቸው፣ አጠገባቸው ግን 4G ወይም H የሚል ፊደል የለም። ዳታው መከፈቱንና ዋይፋዩ መጥፋቱንም አረጋገጥኩ።

የቀረው የመግቢያው ስም፣ ኤፒኤን የሚባለው ነው። ስልክ ዳታ ሲጠይቅ በየትኛው በር መግባት እንደሚፈልግ ለኔትወርኩ በስም ይናገራል፤ ስሙ ከተሳሳተ ጥያቄው ይመለሳል። እዚህ አገር የሚሸጥ ስልክ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ሲገባበት 636 እና 01 የሚሉትን ቁጥሮች ያነባል፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያን፣ ሁለተኛው ኢትዮ ቴሌኮምን ያመለክታል። ከዚያ ውስጡ ካለው ዝርዝር ትክክለኛውን ስም ራሱ ይመርጣል። ለአሜሪካ ኩባንያ ተብሎ የተዘጋጀው የእትዬ ስልክ ግን ይህ ዝርዝር አልነበረውም።

በሴቲንግ ገብቼ Access Point Names የሚለውን ስከፍት የሚገርም ነገር አየሁ። አንድ መስመር ተጽፎበታል። ለካ አንድ የሰፈር ልጅ ከትናንት በስቲያ ሞክሮ «ትክክለኛውን ጽፌዋለሁ፣ ችግሩ ሌላ ነው» ብሎ ሄዷል። እውነትም ሲያዩት ትክክል ይመስላል። አተኩሬ ሳየው ነው ከነጥቡ ቀጥሎ ክፍት ቦታ ያለው። ኪቦርዱ ነጥብ ባየ ቁጥር ዓረፍተ ነገር ያለቀ መስሎት ቦታ ይጨምራል፤ ለደብዳቤ ጥሩ ነው፣ ለኤፒኤን ግን ስሙን ሌላ ስም ያደርገዋል። አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩት፦

```
Name: ethio
APN:  etc.com
MCC:  636
MNC:  01
```

ስሙ የቆየ ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ከመቋቋሙ በፊት የነበረው የቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የእንግሊዝኛ ምህጻር በውስጡ ቀርቷል። የታችኞቹን ሁለት ቁጥሮች ስልኩ ከሲሙ አንብቦ ራሱ ሞላቸው። በዚያ ስልክ ላይ ከላይ ካሉት ሦስት ነጥቦች Save ካልተባለ የተጻፈው ይጠፋል፤ ከተቀመጠም በኋላ ከመስመሩ ጎን ያለችው ክብ ካልተነካች አይመረጥም። ሁለቱንም አድርጌ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት።

4G የሚለው ብቅ አለ፤ የተጠራቀመው መልእክት እየተንጫጫ ገባ። እትዬ አላመሰገኑኝም፣ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ቀይ ጥለት ያለው ነጠላ አንስተው «ያዝልኝ፣ ብርሃኑ ሳይሄድ ላንሳው» አሉኝ።

ከጥምቀት በኋላ እዚያው መስመር ያለ ነጋዴ ያንኑ ችግር ይዞ መጣ። የእሱ ስልክ ግን 4G ያሳያል፣ ገጽ ብቻ አይከፍትም። ኤፒኤኑን አልነካሁበትም፤ *804# ስንደውል የጥቅሉ ጊዜ አልፏል፣ ዋናው ሒሳብም ባዶ ነው። ካርድ ገዝቶ ተመለሰ።