ከርእስ ወደ ክርክር፦ በአንድ የሾፓን ፕሬሉድ ላይ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር

በ1839 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የታተመው የሾፓን ፕሬሉድ፣ ኦፐስ 28 ቁጥር 4፣ ሃያ አምስት ባር ብቻ ነው። አንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ይህን አጭር ሥራ ለመተንተን በተነሣች ጊዜ መጀመሪያ የጻፈችው ዐረፍተ ነገር እንዲህ የሚል ነበር፦ «ይህ ጽሑፍ የሾፓንን ፕሬሉድ በኢ ማይነር ይመረምራል።» አማካሪዋ ከጎኑ «ማን ይቃወምሻል?» ብለው ጻፉ። በእርግጥም የሚቃወም አልነበረም፤ ርእስ እንጂ አቋም አልነበረምና።

ሁለተኛው ሙከራዋ፣ «ፕሬሉዱ ጥልቅ ሐዘን የሚያሰማ ውብ ሥራ ነው» የሚል ሆነ። ይህ ስሜትን ይናገራል፤ ሆኖም ኖታው ላይ ሄዶ የሚያረጋግጠው ወይም የሚያፈርሰው ባር የለም። ሦስተኛው፣ «የግራ እጁ ኮርዶች በግማሽ ድምፅ እየተንሸራተቱ ይወርዳሉ» አለ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ትዝብት ብቻ ነው። «ስለዚህስ ምን?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

አራተኛው ደፋር ሆነ፦ «ፕሬሉዱ ውጥረቱን የሚገነባው የኢ ማይነርን ኮርድ እስከ መጨረሻው ባር በመከልከል ነው።» አሁን ክርክር ተገኘ፤ ዳሩ ግን ኖታው ራሱ ተቃወመው። በመጀመሪያው ባር ኢ ማይነር ይሰማል፤ በባር 13 ዜማው እንደገና ሲጀምርም ይመለሳል። ልዩነቱ በሁለቱም ቦታ ባሱ ላይ የተቀመጠው ጂ እንጂ ኢ አለመሆኑ ነው። ባሱ ወርዶ ኢ ላይ በሚደርስባቸው ባሮችም ከላዩ ያሉት ድምፆች ሌላ ድምፅ ያልተጨመረበት ንጹሕ የኢ ማይነር ኮርድ አይሠሩም።

ተማሪዋ ዐረፍተ ነገሩን አልጣለችውም፤ አጠበበችው እንጂ። «ፕሬሉዱ የኢ ማይነርን ኮርድ ገና ሲጀምር ቢያሰማም፣ በራሱ መሠረት ላይ ቆሞ እንዲደመጥ ግን እስከ ባር 25 አይፈቅድለትም፤ በባር 21 የሚጠበቀው ማረፊያ ወደ ሲ ሜጀር መሸሹና በባር 23 ያለው ዝምታም ይህንኑ መዘግየት ያጠናክራሉ።»

ይህ ዐረፍተ ነገር የጽሑፉን ቅደም ተከተል ጭምር ይወስናል፦ በመጀመሪያ የተገለበጠው ኮርድ፣ ቀጥሎ የባሱ ቁልቁለት፣ ከዚያም የባር 21 ሽሽት፣ በመጨረሻም ዝምታውና ማረፊያው። ወሰኑም ግልጽ ነው። ሥራው ለምን እንደሚያሳዝን አይናገርም፤ መዘግየቱ በምን እንደተሠራ ብቻ ይናገራል። አንድ ተቃዋሚ ከባር 25 በፊት ኢ ባሱ ላይ የተቀመጠበት ንጹሕ የኢ ማይነር ኮርድ ቢያሳይ ክርክሩ ይወድቃል። የቀደሙት ሦስቱ ግን በምንም መንገድ ሊወድቁ አይችሉም ነበር፤ ድክመታቸውም እዚሁ ላይ ነው።