እንጉዳይ ጎመን አይደለም፤ አትዘፍዝፉት!



እኛ መርሳ ላይ ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን በአንዲት ጠባብ ክፍል እንጉዳይ እናመርታለን። ጭዱን ቀቅለን፣ አቀዝቅዘን፣ ከዘሩ ጋር ላስቲክ ውስጥ እንጠቀጥቀዋለን። ከቀዳዳው እንደ ጆሮ ተደራርቦ የሚወጣውን፣ ኦይስተር የሚባለውን እንጉዳይ ቆርጠን ለጎረቤት እንሸጣለን።

አንድ ቀን ደንበኛችን የሆኑ እናት መጡና «ወላሂ ልጆቼ፣ ቅር አይበላችሁና ይሄ ነገር ላስቲክ ነው። ልጆቹም ተፉት፤ ሁለተኛ አልገዛም» አሉን። ደነገጥን። ሌሎችም ደንበኞች ምንም ሳይሉ ቀርተውብን ነበር። ጥፋቱ ከዘሩ ነው ወይስ ከጭዱ ብለን ስንጨነቅ ቆየን። በመጨረሻ «እናታችን፣ እንዴት እንደሚሠሩት ያሳዩን» ብለን ግማሽ ኪሎ ይዘን ቤታቸው ሄድን።

እንጉዳዩን ሳፋ ውስጥ ጨምረው፣ ውኃ ሞልተው፣ ጨው በትነው ሊተዉት ሲሉ «ለምን ያህል ጊዜ?» አልናቸው። «ቡና እስክናፈላ። ጎመን እንኳ ሦስት ውኃ ይለወጥለታል፤ ጭድ ላይ የበቀለውን ሳልዘፈዝፍ ላብላ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ስንሸጥላቸው አሠራሩን ያልነገርናቸው እኛ ነን።

ግማሹን እንደ እሳቸው ዘፈዘፍነው፤ ግማሹን በደረቁ አስቀረነው። ቡናው ሲያልቅ ሁለቱንም በየተራ ጠበስናቸው። የተዘፈዘፈው መጥበሻው ላይ ውኃ ለቆ እዚያው ውስጥ ተቀቀለ፤ ግራጫ ሆኖ ያሟልጫል፣ ሲታኘክም ይለጠጣል። ደረቁ ግን ጠርዙ ቡናማ ሆኖ እንደ ጥብስ ሸተተ። እናታችን ቀምሰው «ይሄማ ሌላ ነው!» አሉ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ትኩስ እንጉዳይ ሲቆረጥም ከአሥር እጁ ዘጠኙ ያህል ውኃ ነው። እንደ ቲማቲም ውኃ የሚከለክል ልጣጭ የለውም፤ ከሥሩ ያሉት ስስ ቅጠል መሳይ ክፍሎችም በመካከላቸው ውኃ ይይዛሉ። መርሳ ላይ ውኃ የሚፈላው ወደ 95 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። እንጉዳይ ቡናማ ሆኖ እንዲጠበስ ግን ከ140 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። መጥበሻው ላይ ውኃ እስካለ ድረስ ሙቀቱ ከመፍላት አያልፍምና እንጉዳዩ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ጨው ደግሞ የውስጡን ውኃ ስቦ ያወጣና ያጠወልገዋል።

ታዲያ እንዴት ይጽዳ? የእኛ ዓይነቱ የሚበቅለው በተቀቀለ ጭድ ላይ እንጂ በአፈር ላይ ስላልሆነ፣ ጭድ የያዘውን እግሩን ቆርጦ ቀሪውን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ በቂ ነው። የቆሸሸ ካለ በሚወርድ ውኃ ለጥቂት ሰከንድ አለቅልቃችሁ ወዲያው በጨርቅ አድርቁት። ይህም ሊጠበስ ሲል ብቻ ይሁን፤ ታጥቦ የተቀመጠ ቶሎ ይበላሻል። በእጅ ተርትራችሁ በሰፊ መጥበሻ፣ በኃይለኛ እሳት፣ ሳይደራረብ ጥበሱት። የራሱ ውኃ ሲደርቅ ዘይትና ሽንኩርት፣ መጨረሻ ላይ ጨው ጨምሩ።

ስትገዙ ጠርዙ ያልተሰነጣጠቀ፣ ያልቢጫ፣ ስትነኩት ጠንከር የሚል ምረጡ። እግሩ ላይ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገር ብታዩ አብሽሩ፤ የራሱ የእንጉዳዩ አካል ነው። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ፣ የሚያሟልጭ ገጽ፣ የሚኮመጥጥ ሽታ ካለው ግን ተዉት።

ቤት ስትደርሱ ከፌስታል አውጡት። እንጉዳይ ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል፤ ፌስታል ውስጥ ያልበዋል፣ ላቡም ያበሰብሰዋል። በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታስቀምጡት ሦስት አራት ቀን ይቆያል። ፍሪጅ ከሌላችሁ በመርሳ ሙቀት የዚያኑ ዕለት ብሉት፤ ወይም በቀጭኑ ተርትራችሁ እንደ እንጨት ቀጭ እስኪል ፀሐይ ላይ አድርቁት። መዘፍዘፍ የሚገባው ይህ የደረቀው ነው፤ ያጣውን ውኃ መመለስ አለበትና።

ይህ ሁሉ የተመረተ እንጉዳይን ነው። በክረምት ሜዳ ላይና ኩይሳ ሥር የሚፈላውን፣ የጅብ ጥላ የምንለውን፣ አታምጡት። መርዛማው ከሚበላው ጋር ይመሳሰላል፤ የአንዳንዱ መርዝ ደግሞ በመታጠብም በመቀቀልም አይጠፋም።

አሁን በምንሸጠው ከረጢት ሁሉ ላይ «አይዘፈዘፍም» ብለን እንጽፋለን። እናታችንም ተመልሰው ደንበኛ ሆነዋል፤ ለጎረቤት የሚያስረዱልንም እሳቸው ናቸው።