ለሳይንስ ቀን ለወላጅ የሚላክ ደብዳቤ

«ክቡር ወላጅ፣ ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀንን በደመቀ ሁኔታ ስለሚያከብር በዕለቱ እንዲገኙልን በአክብሮት እንጠይቃለን።» ከሥሩ ማኅተምና ፊርማ። እንዲህ ያለ ወረቀት በልጁ ኮሙኒኬሽን ቡክ ተጣብቆ ያልደረሰው ወላጅ አለ ብዬ አላምንም። ስህተት የለበትም፤ ግን ወላጁ መጥቶ ምን እንደሚያይ፣ ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ልጁን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አይነግረውም። ስለዚህ አብዛኛው ወላጅ አይመጣም፤ የመጣውም ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አጨብጭቦ ይሄዳል።

በፈረንሳይ ሰፈርና ከዚያ በላይ፣ እስከ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ድረስ ባለው ዳገት ላይ ለሚኖሩ ወላጆች ደብዳቤውን ጻፍ ብባል ከገንዘቡ እጀምራለሁ። ከትምህርት ቤት የሚመጣ ወረቀት ወይ መዋጮ ነው፣ ወይ ልጁ አጥፍቷል፤ ወላጅ ገና ሳያነበው ልቡ የሚሄደው ወደዚያ ነው። «ክፍያ የለውም» የሚለው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መሆን አለበት።

ቀጥሎ ቀኑ ነው። በዚህ ሰፈር በ16 ቀን የወላጅ ስብሰባ የሚጠራ ርዕሰ መምህር ካለ አካባቢውን አያውቀውም። ወሩ በገባ በ16 ኪዳነ ምሕረት ናት፤ ዓመታዊው የየካቲት 16 ከሆነማ ዳገቱ በሰው ይሞላል። የሥራ ቀን ደግሞ የቀን ሠራተኛውንና እንጨት ተሸካሚዋን ዕለታዊ ገቢያቸውን ያሳጣቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ይሻላል።

አሁን ወደ ፕሮጀክቱ። በሳይንስ ቀን ብዙ ጊዜ የምናየው ከስቴሽነሪ የተገዛ ወይም አባት ሲያጣብቅ ያደረው እሳተ ገሞራና የፀሐይ ሥርዓት ነው። የሚያምር ነው፤ ልጁ ግን ያወቀው አዲስ ነገር የለም። ከፍታው ራሱ የሚሰጠው ሙከራ እያለ ፎም መግዛት ለምን ያስፈልጋል?

ሙከራው ውኃ ማፍላት ነው። መጽሐፉ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። ያ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር የመፍያው ሙቀት በአንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለው የከተማው መሐል ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚሆነው የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ በ90 አካባቢ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ውኃውን ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚቀንስ አረፋው ለመውጣት ያን ያህል ሙቀት አያስፈልገውም።

ልጆቹ ሁለት ቡድን ይሆናሉ። አንዱ ትምህርት ቤቱ ውስጥ፣ ሌላው ከመምህርና ከአንድ ወላጅ ጋር ላይ ወጥቶ፣ በተመሳሳይ ድስት አንድ አንድ ሊትር የቧንቧ ውኃ ያፈላሉ። ቴርሞሜትሩ ከላቦራቶሪ የሚመጣው፣ ከ100 ዲግሪ በላይ የሚያነበው ነው። ይህን ደብዳቤው በግልጽ መናገር አለበት፤ ምክንያቱም ቤት ያለው የትኩሳት መለኪያ የሚያነበው እስከ 42 ብቻ ነው። የመስታወቱ ዓይነት የፈላ ውኃ ውስጥ ቢገባ ይሰበራል፣ በውስጡ ያለው ሜርኩሪም መርዝ ነው። የቴርሞሜትሩ ጫፍ የድስቱን ታች መንካት የለበትም፤ ብረቱ ከውኃው የበለጠ ይሞቃልና። ውኃው በደንብ ሲንተከተክ ሦስት ጊዜ ይነበባል።

ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገር አለ። የሚፈለገው ልዩነት ሁለት ዲግሪ እንኳ ላይሞላ ይችላል፤ ርካሽ ቴርሞሜትሮች ደግሞ እርስ በርሳቸው በአንድ ዲግሪ መለያየታቸው የተለመደ ነው። ስለዚህ ቡድኖቹ ከመለያየታቸው በፊት ሁለቱን ቴርሞሜትሮች አንድ ድስት ውስጥ ከተው ያነጻጽሯቸዋል። አንዱ 92 ሌላው 91 ካለ ይጻፍና በኋላ ይታሰባል። ይህ ካልተደረገ ልጆቹ የለኩት ተራራውን ይሁን ቴርሞሜትሩን አይታወቅም።

ሌላው ችግር የልጆቹ ታማኝነት ነው፤ እነሱን ግን አልወቅስም። ልጁ 91 አንብቦ መጽሐፉ 100 ስለሚል ደብተሩ ላይ 100 ብሎ ይጽፋል። ሠንጠረዡ ላይ ሦስት ጊዜ 100 ካያችሁ ያ ቁጥር የመጣው ከመጽሐፉ ነው። በፈተና ያስለመድነው እኛው ነን።

እዚህ ላይ ነው ወላጅ የሚያስፈልገው። ከቆላ መጥታ እዚህ የምትኖር እናት ባቄላ ወይም ሽምብራ ደጋ ላይ ለመብሰል ጊዜ እንደሚፈጅ ከማንም መጽሐፍ በፊት ታውቃለች። ልጇ ምክንያቱን ይነግራታል፤ እሳቱን ብታበዛው የፈላው ውኃ ይበልጥ እንደማይሞቅ፣ ቶሎ እንደሚተን ብቻ ያስረዳታል። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ እንጨት መቀነስ እንደሚቻል ማወቅ ደግሞ እንጨት ከተራራው በጀርባ በሚወርድበት ሰፈር ትንሽ ነገር አይደለም።

ለትናንሾቹ ክፍሎች ሁለት ባዶ ሃይላንድ ጎን ለጎን ቀዶ አንዱን በባዶ አፈር፣ ሌላውን የባሕር ዛፍ ቅጠል በለበሰ አፈር ሞልቶ፣ እኩል ውኃ አፍስሶ የሚወርደውን ማየት ይበቃል። ውኃው የቧንቧ ይሁን። ጠበል ለሙከራ እንዳይመጣ መምህሩ በክፍል ውስጥ በቃል ቢናገር ይሻላል፤ በማኅተም የተጻፈ እንደሆነ ሌላ ወሬ ያስነሳል።

እንግዲህ ደብዳቤው እንዲህ ቢሆንስ፦

«ለተማሪ ………… ወላጅ ወይም አሳዳጊ፣

ይህ ግብዣ ነው፤ ክፍያም መዋጮም የለውም። ልጅዎ ምንም አላጠፋም።

ቅዳሜ ግንቦት 8 ቀን ከጠዋቱ 3፡00 እስከ 5፡00 በትምህርት ቤታችን የሳይንስ ቀን አለ። የልጅዎ ቡድን ውኃ እዚህና እንጦጦ ላይ በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ ለክቶ ውጤቱን ያቀርባል። እሳቱን የሚይዘው መምህር ነው።

ዕቃ እንዲገዙ አንፈልግም። የትኩሳት መለኪያ አይላኩ። ቤት ውስጥ ሠርተው አይስጡት፤ ሥራው የልጁ ይሁን።

ሲመጡ ልጅዎን ሁለት ነገር ይጠይቁልን። ‹ራስህ ያነበብከው ቁጥር ስንት ነው? ከመጽሐፉ ለምን ተለየ?› መልሱን ካላወቀ ምንም አይደለም፤ አብራችሁ መምህሩን ጠይቁ።

እርስዎ ካልተመቸዎት አያት፣ እህት፣ ወንድም ወይም ጎረቤት ይምጣ። የሚመጣው ሰው ስም፦ …………»

ዓረፍተ ነገሮቹን ያሳጠርኳቸው በብዙ ቤት ደብዳቤውን ጮክ ብሎ የሚያነበው ልጁ ራሱ ስለሆነ ነው። አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ «በደመቀ ሁኔታ» ላይ ሲደናቀፍ እናት ቀሪውን አትሰማም። «ልጅዎ ምንም አላጠፋም» የሚለው መሥመር ይፋዊ ደብዳቤ አይመስልም፣ ይውጣ የሚል ዩኒት ሊደር አይጠፋም። እኔ ግን አላወጣውም።

የመጨረሻው መሥመር ተቆርጦ የሚመለሰው እስከ ረቡዕ ነው። ባዶውን ከተመለሰ ወይም ጨርሶ ካልተመለሰ፣ ከወተመህ አባላት አንዱ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ልጅ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ ሁለቱን ጥያቄዎች እንዲጠይቅ ከሐሙስ ጀምሮ ይመደባል።